«ቁጭ በል» ያልኩት ልጅ ትክክል ነበር
ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ካራ፣ የተከራየኋት ክፍል።

ዛሬ የመጀመሪያዬን ማይክሮ ቲቺንግ፣ ማለትም ለክፍል ጓደኞቻችን የምናደርገውን አጭር የማስተማር ልምምድ፣ አስተማርኩ። 15 ደቂቃ ተሰጥቶኝ በ11ኛው ጨረስኩ። ግቢ ውስጥ ዕንባዬን ያዝኩት፣ ታክሲ ውስጥ ግን አልቻልኩም፤ መስኮቱ ጋ ዞሬ ለገጣፎ መገንጠያ እስክንደርስ አለቀስኩ። መምህራችን «ሪፍሌክሽኑን በዚያው ቀን ጻፉት፣ ካደረ ራሳችሁን ማሳመር ትጀምራላችሁ» ብላናለች። ስለዚህ ሳያድር ልጻፈው።

ርዕሴ የ4ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፣ ክፍልፋዮችን ማወዳደር። 1/3 ይበልጣል ወይስ 1/4? ቀላል መስሎኝ ነበር። ሌሰን ፕላኑን ሦስት ቀን ለፍቼበታለሁ። ለመርጃ መሣሪያ ደግሞ ሁለት እንጀራ ከካርቶን ቆርጬ አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለአራት ከፈልኩ። ተማሪዎቼ ዘጠኝ የክፍሌ ልጆች ናቸው፣ እንደ 4ኛ ክፍል ተማሪ ሆነው የተቀመጡ። መምህራችን ከኋላ ፎርሙን ይዛለች፣ የዶርም ጓደኛዬ የነበረችው ልጅ በስልኬ ትቀርጸኛለች።

አጀማመሬ ደህና ነበር። ድምፄ ይሰማል፣ ሰሌዳው ላይ ላዕልና ታሕትን በደንብ አሳየሁ። ጠመኔው ሁለቴ እጄ ላይ ተሰበረ፣ እሱም ምንም አይደል።

ከዚያ እንጀራዎቹን ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ጠየቅኩ። ዝም አሉ። ያ ዝምታ እንዴት እንዳስፈራኝ! ወዲያው እኔው «1/3 ይበልጣል» ብዬ መለስኩት። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ 1/4 ነው የሚበልጠው» አለ። «ተሳስተሃል፣ ቁጭ በል» አልኩት። እሱ ግን «ቲቸር፣ እንጀራው ላይ እኮ ያኛው ነው ትልቁ» አለኝ። አልሰማሁትም፣ ማለቴ ሰምቼዋለሁ ግን ጊዜው እየሄደብኝ ስለነበር ቸኮልኩ፣ «ታሕቱ ሲጨምር ክፍሉ ያንሳል፣ ገባችሁ?» አልኩ። ሁሉም «ገባን!» አሉ። ቀጠልኩ።

አስተያየት ላይ መምህራችን ብዙ አላወራችም። ከሰሌዳው የአንዱን እንጀራ ሲሶ፣ የሌላውን ሩብ አንስታ ደራረበቻቸው። ሩቡ ከሲሶው ዙሪያውን ተርፎ ወጣ። አንዱን እንጀራ በሰሃን፣ ሌላውን በድስት ክዳን ነበር ያሰመርኩት፤ ለካ የሁለቱ ስፋት አይገናኝም። 1/3 ከ1/4 የሚበልጠው ሙሉው እኩል ሲሆን ነው፣ እኔ ደግሞ ይህን አንዴም አልተናገርኩም። ልጁም በኋላ ደጅ ላይ «እኔ እኮ አልተወንኩም፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ካርቶኑን በትክክል አለመቁረጤ ያናድዳል፣ ከዚያ ይልቅ የሚቆጨኝ ግን «እንዴት አወቅህ?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ጣቱን ወደ ሰሌዳው ይጠቁምና ስህተቴን እዚያው ማየት እችል የነበረ መሆኑ ነው። የትምህርቱ ዋና ነገር እሱ እጅ ላይ ነበር።

ቪዲዮውን አሁን ሁለቴ አየሁት። «ገባችሁ?» 14 ጊዜ ብያለሁ፣ አንድም ጊዜ «አልገባንም» ያለ የለም። ማን ይላል? እኔም 4ኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቀን ተሳስቼ «ቁጭ በይ» ከተባልኩ በኋላ ዓመቱን ሙሉ እጄን አላወጣሁም። ይህን እያወቅኩ ያው ቃል ከአፌ መውጣቱ ነው ያስለቀሰኝ።

ሌላው፣ ጠይቄ የምጠብቀው ጊዜ ነው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን ተማሪዎች ረዘም ያለ መልስ እንደሚሰጡ፣ ዝም የሚሉትም መሞከር እንደሚጀምሩ አሳይታለች። ክፍል ውስጥ ተምረነዋል፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ቪዲዮው ላይ ስቆጥር የእኔ «አንድ» ብዬ ሳልጨርስ ያልቃል።

ሐሙስ ያንኑ ትምህርት ደግሜ አስተምራለሁ። ጠይቄ በልቤ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ፣ ዝምታው ቢያስፈራኝም። መልሱ ትክክልም ይሁን ስህተት «እንዴት አወቅህ?» እላለሁ። «ገባችሁ?» በማለት ፈንታ 1/5 እና 1/6ን ደብተራቸው ላይ ሥለው እንዲያሳዩኝ አደርጋለሁ። ትልቅና ትንሹን እንጀራ ደግሞ አልጥላቸውም፤ መጨረሻ ላይ አውጥቼ «አሁንስ ለምን 1/4 በለጠ?» ብዬ እጠይቅባቸዋለሁ። ለዚያ ልጅ መጀመሪያ ዕድል እሰጠዋለሁ።

አከራዬ እትዬ አሁን የፓስታ ካርቶን ሰጥተውኛል። ሁለቱንም በአንድ ሰሃን አስምሬ ቆረጥኳቸው። አንዱን በሌላው ላይ አድርጌ ወደ አምፖሉ ከፍ አደረግኳቸው፣ ዳራቸው ገጠመ።