የላሊበላ መስቀል ሃብል፦ ብር፣ በወርቅ የተለበጠ

ከላይ ወርቅ፣ ውስጡ ብር ነው። መስቀሉም ሰንሰለቱም 925 ከሚባለው የብር ዓይነት የተሠሩ ናቸው፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር፣ ቀሪው መዳብ። ልባጡ 18 ካራት ወርቅ ሲሆን ውፍረቱ 1 ማይክሮን ገደማ ነው። ስለዚህ ነገ ልሽጠው ቢሉ ወርቅ ቤት በወርቅ ሒሳብ አይገዛዎትም፤ ከወዲሁ ይወቁት። መስቀሉ ድፍን ነው፣ 6.2 ግራም። ሰንሰለቱ 4.1 ግራም፣ ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር።

ልባጡ ዕድሜ ልክ አይቆይም። ቶሎ የሚለቀው ከመስቀሉ ጀርባ፣ ልብስ የሚፈትገው ቦታ ላይ ነው፤ ያኔ ነጩ ብር ብቅ ይላል። መልሶ ማስለበጥ ይቻላል።

ሽቶና ቅባት ተቀብተው ሲደርቅ ያድርጉት። ሻወር ሲገቡ ያውልቁት። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉት። በጥርስ ሳሙና ማሸት ግን በፍጹም! ልባጡን ይፍቀዋል።