የኦቶማን መንግሥት አወዳደቅ፦ 38 ገጽ በአንድ ቅጠል

ለወንድሜና አብረውት ለሚያጠኑት፣ ድሬዳዋ

የመጽሐፋችሁን ምዕራፍ 38ቱንም ገጽ አንብቤ ጨረስኩ። ለፈተናው በአንድ ገጽ ጨምቅልን ብለኸኝ ነበር። አንድ ቅጠል ነው፤ ግን ፊቱም ጀርባውም ተጽፏል። ፊደሉ ካነሰባችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት አስተልቁት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መጽሐፉም የሚጠቀመው እሱን ስለሆነ ወደ እኛው እየለወጣችሁ አትደናገሩ።

መጽሐፉ 14 ምክንያት ደርድሯል። አቦ፣ 14 ነገር ማን ይሸመድዳል! ደጋግሜ ሳየው አብዛኞቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እናትየዋ ገንዘብ ናት። ወታደሩ አልታዘዝ ያለው፣ ገበሬው ግብር የበዛበት፣ የውጭ ሰው ቤት ድረስ የገባው ካዝናው ስለሳሳ ነው። የገንዘቡን ነገር ከያዛችሁ ሌላው እየተከተለ ይመጣል።

ከፍታው

ምዕራፉ ስለ ውድቀት ስለሆነ እዚህ አትቆዩ። ኦቶማኖች 1300 ገደማ በዛሬዋ ቱርክ ትንሽ መስፍንነት ነበሩ። 1453 ቁስጥንጥንያን ያዙ፤ 1517 ግብፅን። በሱሌይማን ዘመን (1520–1566) ከሃንጋሪ እስከ የመን ደረሱ። ምጽዋን የያዙት 1557 ነው፤ እሱን በኢትዮጵያ ታሪክ ተምራችሁታል።

«ከሱሌይማን በኋላ ውድቀት ሆነ» ብላችሁ በድፍኑ አትጻፉ። ከ1566 እስከ 1922 ቁጠሩት፤ 356 ዓመት ነው። 356 ዓመት ሙሉ ሲያጣጥር የሚኖር የለም። መሃል ላይ የተነሱበት፣ የታደሱበት ጊዜ ብዙ ነው። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎችም «ውድቀት» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ነው የሚጠቀሙት። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብታስገቡ አስተማሪው ይወደዋል።

ወታደሩ፣ ደሞዙ፣ ሹርባው

ጦሩ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ፈረሰኛው ነው። ደሞዝ የለውም፤ በምትኩ የአንድ አካባቢ ግብር ይሰጠዋል። ይህ ቲማር ይባላል። የእኛን ጉልት አስቡ። ዘመቻ ሲታወጅ ፈረሱንና ተከታዩን ይዞ ይመጣል፤ መንግሥት ሳንቲም አያወጣም። ሁለተኛው ጃኒሳሪ ነው፤ ጠመንጃ የያዘ፣ ደሞዝ የሚቆረጥለት የሱልጣኑ እግረኛ። ከባልካን ክርስቲያን ቤተሰቦች በልጅነት ተወስደው ነው የሚሠለጥኑት። ይህ አሠራር ዴቭሺርሜ ይባላል።

ጠመንጃ ሲበዛ ፈረሰኛው ዋጋ አጣ። እግረኛ ያስፈልጋል፣ እግረኛ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። መንግሥት ምን አደረገ? ለፈረሰኛው ይሰጥ የነበረውን ግብር በጨረታ መሸጥ ጀመረ። ገዢው ቀድሞ ይከፍላል፤ ከዚያ ከገበሬው የቻለውን ያህል ይለቅማል። ከ1695 ጀምሮ ደግሞ ይህ መብት ለዕድሜ ልክ ይሸጥ ጀመር። የዛሬን ጥሬ ገንዘብ ለማግኘት የነገን ገቢ ሸጡ ማለት ነው። ይህችን አስምሩባት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

በዚያ ላይ ሳንቲሙ ረከሰ። በ1580ዎቹ አጋማሽ የአቅቼውን፣ የብር ሳንቲማቸውን፣ የብር መጠን በግማሽ ገደማ ቀነሱት። ደሞዙ በቁጥር ያው ነው፤ የሚገዛው ግን ግማሽ ሆነ። መቶ ብር ይዛችሁ ቀፊራ ግቡና ከአምስት ዓመት በፊት የገዛችሁትን ግዙ እስቲ። ጃኒሳሪዎቹ በ1589 በዚህ የተነሳ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄደው አመፁ።

ደሞዝ ካልበቃ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ጃኒሳሪውም ሱቅ ከፈተ፤ ሥጋ ሻጭ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ጀልባ ቀዛፊ ሆነ። ዱሮ ማግባት ክልክል ነበር፤ ተፈቀደ። ልጆቻቸው መዝገብ ውስጥ ገቡ። የደሞዝ ወረቀታቸው እንደ ዕቃ ይሸጥ ይለወጥ ጀመር፤ የሞተ ሰው ስም ደሞዝ ይበላ ነበር። በሱሌይማን ጊዜ 12,000 ገደማ የነበሩት፣ በ1800ዎቹ መጀመሪያ በመዝገብ ከ100,000 በላይ ሆኑ። ጦርነት ሲጠራ የሚወጣው ግን ጥቂቱ ነው።

አሁን ሹርባው። መጽሐፉ በግርጌ ማስታወሻ ነው ያለፈው፤ እኔ ግን ከምዕራፉ ሁሉ ይህን አልረሳም። የጃኒሳሪ ሻለቃ መጠሪያ «ቾርባጂ» ነው፤ ባለ ሹርባው ማለት። በረመዳን ከሳምቡሳ ጋር የምንጠጣው ሹርባ፣ ቃሉ ያው ነው። የክፍሉ ክብር ያለው ትልቁ የመዳብ ድስት ላይ ነበር። ጦር ሜዳ ላይ ድስቱን ማስማረክ ውርደት ነው። ሊያምፁ ሲነሱ ደግሞ ድስቱን ይገለብጡታል፤ የሱልጣኑን እህል አንበላም ማለታቸው ነው። ድስት ተገለበጠ ሲባል ቤተ መንግሥት ይጨነቃል፤ አንዳንዴ ሚኒስትር ይሻራል፣ አንዳንዴም ሱልጣኑ ራሱ።

ሰሊም 3ኛ በአውሮፓ ሥልጠና አዲስ ጦር ሊያቋቁም ሞከረ። 1807 አወረዱት፤ በዓመቱ ተገደለ። ማሕሙድ 2ኛ ግን ትዕግሥተኛ ነበር። ከ1808 ጀምሮ 18 ዓመት ጠበቀ፤ እስከዚያ መድፈኞቹን የራሱ አደረገ። ጁን 1826 ድስቱ ለመጨረሻ ጊዜ ተገለበጠ። ሰፈራቸውን በመድፍ አነደደውና ጃኒሳሪ የሚባል ነገር አበቃ። ጥያቄው «ማሻሻያ ለምን ዘገየ?» ከሆነ መልሱ እነዚህ ሁለት ሱልጣኖች ናቸው።

ሱልጣኖቹ (ሦስት መስመር ይበቃል)

መሐመድ 3ኛ በ1595 ሲነግሥ 19 ወንድሞቹን አስገደለ። ያ ሲያስነውር መሳፍንቱን ግቢ ውስጥ መዝጋት ተጀመረ። ሱሌይማን 2ኛ 40 ዓመት ገደማ ተዘግቶ ኖሮ ነው በ1687 የነገሠው። ከዚያ ወጥቶ አገር ምራ ሲባል ምን ያውቃል?

መሬቱ በምን ቅደም ተከተል ሄደ

1683 ቪየናን ከበቡ፤ የፖላንዱ ንጉሥ ሶቢየስኪ ደርሶ ሰበራቸው። 1699 በካርሎዊትዝ ውል ሃንጋሪ ሄደች። በስፋት መሬት ሲለቁ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ ዓመቱን ያዙት። 1774 በኪዩቹክ ካይናርጃ ውል ክሪሚያ ከእጃቸው ወጣች፤ 1783 ሩስያ ጠቀለለቻት። 1830 ግሪክ ነፃ ወጣች፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳይ አልጀርስን ያዘች። 1878 በርሊን ላይ ሰርቢያ፣ ሞንቴኔግሮና ሩማኒያ ነፃ መሆናቸው ጸደቀ። ዋናው ነገር፦ ባልካን በብሔርተኝነት ሲሄድ፣ ሰሜን አፍሪካ በቅኝ ገዢዎች ሄደ። ሁለቱን አታደባልቁ።

ብድሩ፣ እና 1875

መጀመሪያ በሩ ተከፈተ። በ1838ቱ የእንግሊዝ የንግድ ውል ከውጭ የሚገባ ዕቃ ቀረጥ 5 በመቶ ብቻ ሆነ፤ የሚወጣው 12 በመቶ። ልብ በሉ፣ የራስን ምርት ወደ ውጭ መላክ የሰውን ከማስገባት በላይ ይቀረጣል! የማንቸስተር ጨርቅ ገበያውን ሞላው። ድሬ ሆናችሁ ይህን ማስረዳት ካቃታችሁ እኔ የለሁበትም።

ቀጥሎ ብድር። የመጀመሪያው የውጭ ብድር 1854 ነው፤ ለክሪሚያ ጦርነት (1853–56)። ከዚያ በየጊዜው ሌላ ብድር፤ የፊተኛውን ለመክፈል የኋለኛው። ከፊሉ ለጦርና ለቤተ መንግሥት ግንባታ ወጣ። 1875 ላይ ከመንግሥት ገቢ ከግማሽ በላዩ ለዕዳ ይሄድ ነበር፤ ኢስታንቡል «በሙሉ መክፈል አልቻልኩም» አለች። 1881 አበዳሪዎቹ የዕዳ አስተዳደር አቋቋሙ። የጨው፣ የትምባሆ፣ የአልኮል፣ የሐር፣ የዓሣ ግብር በቀጥታ ወደ እነሱ ሄደ። ያሰመራችሁባትን ዓረፍተ ነገር አስታወሳችሁ? የ1695ቱ ነው፤ የነገን ገቢ የሚገዛው ሰው ብቻ ተለወጠ።

1875ን በቀይ ክበቡት። በዚያው ዓመት የግብፁ ኬዲቭ ኢስማኢል፣ እሱም በዕዳ ተይዞ፣ የስዊዝ ካናል ድርሻውን ለእንግሊዝ ሸጠ። በዚያው ዓመት በራኡፍ ፓሻ የሚመራ የግብፅ ጦር ሐረር ገባ። ግብፅ በስም የኦቶማን ናት፤ በተግባር ግን ከ1805 ወዲህ የምትገዛው በመሐመድ አሊና በዘሮቹ ነው። አባባ «ቱርክ ሐረርን ይዞ ነበር» የሚለው ይህንን ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ሱቅ እንደሚያሰፋው ዓይነት ነው ነገሩ። 1882 እንግሊዝ ግብፅን ያዘች፤ ሱዳን ውስጥ የማህዲ አመፅ በረታ፤ ወጪው አልተቻለም። 1885 ግብፆቹ ጀጎልን ለቀው ወጡ። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። እናንተ ግን ምሳሌ ስጡ ሲባል ከዚህ የቀረበ ከየት ታመጣላችሁ?

ታንዚማት

የማሻሻያው ዘመን ስም ነው፤ 1839–1876። ሃይማኖት ሳይለይ ሁሉም በሕግ እኩል ነው ተባለ፤ አዲስ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ወታደራዊ ምልመላ መጣ። 1876 ሕገ መንግሥት ወጣ፤ አብዱልሐሚድ 2ኛ በ1878 ፓርላማውን ዘጋው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን ትምህርት ቤትም ባቡርም ብር ይጠይቃል፣ ብሩ ደግሞ ከላይ ያያችሁት ነው።

መጨረሻው

1908 ወጣት ቱርኮች የሚባሉት ለውጥ ፈላጊዎች ሕገ መንግሥቱን አስመለሱ። 1911 ጣሊያን ሊቢያን ወረረች። 1912–13 በባልካን ጦርነቶች የአውሮፓው ግዛት አለቀ ማለት ይቻላል። 1914 ከጀርመን ጎን ተሰለፉ። 1915 ጋሊፖሊ ላይ አሸነፉ፤ በዚያው ዓመት አርመኖች በጅምላ ተጋዙ፣ ተጨፈጨፉ። 1916 የዓረቦች አመፅ። ኦክቶበር 1918 እጅ ሰጡ። 1920 የሴቭር ውል አገሩን ቆራረጠው፤ ሙስጠፋ ከማል ተዋግቶ በ1923 በሎዛን ውል ተካው። ኖቬምበር 1922 ሱልጣንነቱ ተሻረ፤ መሐመድ 6ኛ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወጣ። ኦክቶበር 29፣ 1923 ሪፐብሊክ። ማርች 1924 ኸሊፋነቱም ቀረ።

በዚሁ በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። አርባ ልጆች የሚባሉት ናቸው። ለፈተና ሳይሆን ለራሳችሁ ያዙት።

ከታች አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ትቻለሁ። የ1566ን እና የ1914ን ካርታ ጎን ለጎን ራሳችሁ ሳሉበት፤ እኔ ከሳልኩላችሁ አይገባችሁም። ቅዳሜ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል እመጣለሁ፤ ወረቀቱን ገልብጬ እጠይቃችኋለሁ።