ለመምህርት አልማዝ የኩላሊት ሕክምና፦ ምን ያህል ጎደለ፣ ለምን፣ ገንዘቡስ በማን እጅ ነው

አዲስ አበባ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህታችንና የሥራ ባልደረባችን አልማዝ ደሴ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናት። ዕድሜዋ 41 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። ሳይታወቅ የቆየ የደም ግፊት ሁለቱንም ኩላሊቶቿን ስለጎዳቸው ካለፈው መስከረም ጀምሮ አዲስ አበባ ሆና የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ሐኪሞቿ ንቅለ ተከላ እንዲደረግላት ወስነዋል። ታናሽ ወንድሟ ኩላሊቱን ለመስጠት ፈቃደኛ ሆኖ ምርመራ ጀምሯል።

ከአሁን ጀምሮ እስከ ንቅለ ተከላው፣ ከዚያም በኋላ ላሉት ስድስት ወራት የሚያስፈልገው ገንዘብ 817,960 ብር ነው። በእጃችን 331,500 ብር አለ። የጎደለው 486,460 ብር ሲሆን የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ወጪው ሲተነተን

የኩላሊት እጥበት፦ 78 ጊዜ በ3,800 ብር፣ 296,400 ብር
የደም ማነስ መርፌ (ኤሪትሮፖይቲን)፦ 52 መርፌ በ1,350 ብር፣ 70,200 ብር
የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና፦ 45,000 ብር
የእሷና የለጋሹ ምርመራ፦ 118,000 ብር
ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚወሰድ መድኃኒት፦ 6 ወር በ24,000 ብር፣ 144,000 ብር
በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን መለኪያ ምርመራ፦ 20 ጊዜ በ3,500 ብር፣ 70,000 ብር
መጠባበቂያ 10 በመቶ፦ 74,360 ብር

እጥበቱን ያሰብነው ከየካቲት 2 እስከ ነሐሴ 3 ላሉት 26 ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ነው። አሁን ግን ከገንዘብ የተነሣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የምትታጠበው። በመሃል ያለው ጊዜ ሲረዝም ውኃ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል፣ ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጨምራል፤ ፖታሲየም ከመጠን ሲያልፍ የልብ ምት ይዛባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገባው ገንዘብ ሦስተኛውን እጥበት ለመመለስ ይውላል። በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ይዛለች፤ ተራው ከደረሳት ይህ ወጪ ይቀንሳል፤ የቀነሰውንም እናስታውቃለን።

መርፌው ቅንጦት የሚመስለው ሰው ሊኖር ስለሚችል ምክንያቱን እንግለጽ። የታመመ ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያዝዘውን ሆርሞን ስለማያመነጭ ሄሞግሎቢኗ 7.9 ደርሷል። ደም መስጠት ይቻላል፤ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን ከሌላ ሰው የተወሰደ ደም በሰውነቷ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላትን ሊያበዛ፣ እነሱም የወንድሟን ኩላሊት እንዳትቀበል ሊያደርጉ ይችላሉ። ሐኪሞቹ ደሙን ለአስቸኳይ ጊዜ ብቻ አስቀምጠው መርፌውን ያዘዙት ለዚህ ነው። መርፌው ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ስላለበት የምንገዛው የሁለት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ፣ በበረዶ ሣጥን ነው።

ፊስቱላ ማለት ክንድ ላይ የደም ቅዳንና የደም መልስን በቀዶ ሕክምና አገናኝቶ ለእጥበት ማዘጋጀት ነው። አሁን የምትታጠበው አንገቷ ሥር በገባ ቱቦ ሲሆን፣ ቱቦው በቆየ ቁጥር ኢንፌክሽን በቀጥታ ወደ ደም የመግባቱ ዕድል ይጨምራል። ፊስቱላው ከተሠራ በኋላ ለመርፌ እስኪደርስ ስድስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ቶሎ መሠራት አለበት። አንዳንድ ሰው ንቅለ ተከላ ሊደረግላት ከሆነ ለምን ይሠራል ብሎ ጠይቆናል፤ የንቅለ ተከላው ቀን ሊገፋ ስለሚችል ነው መልሱ።

የምርመራው 118,000 ብር ለሦስት ይከፈላል። የሕብረ ሕዋስ ዓይነትና የደም መጣጣም ምርመራ (ክሮስ ማች) 68,000 ብር ነው፤ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ላብራቶሪ ስለሚላክ ነው የተወደደው። የወንድሟን የኩላሊት ደም ሥሮች የሚያሳየው ሲቲ ስካን 14,500 ብር ነው። የልብ አልትራሳውንድ፣ የሄፓታይተስና የኤችአይቪ ምርመራ እንዲሁም ሌሎቹ ለሁለቱም ተደምረው 35,500 ብር ይሆናሉ። ክሮስ ማቹ በመጨረሻው ሰዓት እንደገና ሊሠራ ይችላል። ያን ጊዜ ከመጠባበቂያው እንከፍላለን። ወንድሟ ለሚሰጠው ኩላሊት ምንም ክፍያ አይወስድም፤ ከዚህ ሒሳብም አንድ ብር አይደርሰውም።

ከንቅለ ተከላ በኋላ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ትወስዳለች። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ እንዳያጠቃው የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። መድኃኒቶቹ የዕድሜ ልክ ናቸው፤ እኛ ግን የምንጠይቀው ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ባለቤቷና ወንድሞቿ ተከፋፍለው ይሸፍናሉ። ታክሮሊመስ መጠኑ ካነሰ ኩላሊቱ ይጠቃል፣ ከበዛ ራሱ መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይጎዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በሁለተኛው ወር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት አራት ወራት በወር ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ድምሩ 20 ነው።

እግረ መንገዳችንን፦ ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች መድኃኒቱን ገዝታችሁ በሻንጣ ለመላክ ብታስቡ እባካችሁ ቀድማችሁ ጠይቁን። ታክሮሊመስን ከአንድ አምራች ወደ ሌላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀየር በደም ውስጥ ያለውን መጠን ሊያዛባ ስለሚችል የላካችሁት ሳይዋጥ ሊቀር ይችላል።

በእጃችን ያለው

ባለቤቷ ባጃጁን ሸጦ 210,000 ብር አስገብቷል። የትምህርት ቤቷ መምህራን 85,000 ብር፣ የሰፈሯ ዕድር ደግሞ 36,500 ብር ሰጥተዋል። እስካሁን ለተደረገው ሕክምና የተበደሩት 92,000 ብር አለ፤ እሱን ቤተሰቡ ራሱ ስለሚከፍል እዚህ ስሌት ውስጥ አላስገባነውም። የአዲስ አበባው የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርትና የልጆቹ ትምህርትም እንደዚሁ በቤተሰቡ ይሸፈናሉ።

ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው

ሒሳቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በጣምራ ፊርማ ተከፍቷል። ፈራሚዎቹ ሦስት ናቸው፦ ታላቅ ወንድሟ፣ የትምህርት ቤቷ ምክትል ርእሰ መምህርና የዕድሩ ጸሐፊ። ከሦስቱ ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘብ አይወጣም። ባለቤቷ ፈራሚ አይደለም፤ ይህንንም የጠየቀው ራሱ ነው። ለእጥበት ማዕከሉና ለላብራቶሪዎቹ የምንከፍለው ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ሲሆን፣ በጥሬ ገንዘብ የሚወጣው ለመድኃኒት ቤት ብቻ፣ ያውም በአንድ ጊዜ ከ15,000 ብር ሳይበልጥ ነው።

የሒሳብ ቁጥሩ ከዚህ ጽሑፍ ጋር በተያያዘው፣ ባንኩ ማኅተም ባደረገበት ደብዳቤ ምስል ላይ አለ። የሦስታችን ስልክም ከግርጌው ይገኛል። አስተያየት መስጫው ውስጥ ሌላ ቁጥር ወይም በግለሰብ ስም የተከፈተ ቴሌብር ብታዩ የእኛ አይደለም። ከመላካችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የሒሳብ ባለቤት ስም ከደብዳቤው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ገንዘቡን ለእኛ መስጠት የማይፈልግ ሰው በቀጥታ ለእጥበት ማዕከሉ መክፈል ይችላል። ካሸር ክፍል ሄዶ በደብዳቤው ላይ ያለውን የካርድ ቁጥር ሲነግራቸው በእሷ ስም ደረሰኝ ይቆርጡለታል። አንድ እጥበት 3,800 ብር ነው። ደረሰኙን ፎቶ አንሥታችሁ ብትልኩልን ከጎደለው ላይ እንቀንሳለን፤ ካልላካችሁልን ግን ሁለት ጊዜ እንዳንከፍል በየሳምንቱ አርብ ከማዕከሉ ጋር ስለምናስተያይ ችግር የለም።

ውጭ አገር ላላችሁ

የጎፈንድሚ ገጹን የከፈተው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአጎቷ ልጅ ነው፤ ምክንያቱም ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ባንክ ገንዘብ አይልክም። ገጹ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል፤ ከ25 ዶላር ለእኛ የሚደርሰው ወደ 23.97 ዶላር ነው። ስትከፍሉ ለድርጅቱ የሚሆን ተጨማሪ ጉርሻ ተሞልቶ ይመጣል፤ ግዴታ ስላልሆነ ወደ ዜሮ ማውረድ ትችላላችሁ። ለግለሰብ የሚደረግ እርዳታ ስለሆነ ከግብር አይቀነስም። የአጎቷ ልጅ ገንዘቡን በባንክ አስተላልፎ የዕለቱን ምንዛሪ የሚያሳየውን ደረሰኝ ይልክልናል፤ ወደ ብር የምንቆጥረው በዚያ ነው። ከገልፍ አገሮች የምትልኩም በሕጋዊ የገንዘብ ላኪ ቤቶች በኩል ብቻ ላኩ። በጥቁር ገበያ የመጣ ገንዘብ ደረሰኝ ስለማይኖረው ወደዚህ ሒሳብ አናስገባም፣ ብሩ በርከት ቢልም።

ነገሩ እንደታሰበው ባይሄድ

ወንድሟ በምርመራ ለመስጠት ብቁ ካልሆነ ሌላ ዘመድ ይመረመራል። እስከዚያ ድረስ ከንቅለ ተከላ በኋላ ላለው ጊዜ የተያዘው 214,000 ብር ወደ እጥበትና መርፌ ይዛወራል። የሳምንቱ ወጪ 14,100 ብር ስለሆነ ለ15 ሳምንት ይበቃል። ዋጋ ቢጨምር አዲሱን ደረሰኝ አያይዘን እናስታውቃለን እንጂ ዝም ብለን ቁጥሩን አናሳድግም።

ሕይወቷ ቢያልፍ የቀረው ገንዘብ ወደ ቤተሰቡ አይመለስም፤ በገንዘብ እጦት እጥበት ላቋረጡ ሌሎች ሕሙማን በዚያው ማዕከል ይከፈላል። ቀብሩን ዕድሩ ይችላል። አልማዝ ይህን አንቀጽ አንብባ ተስማምታበታለች። ከታቀደው ቀድሞ ሕክምናው ተጠናቆ ገንዘብ ቢተርፍም የሚሄደው ወደዚያው ነው።

ስለ ፎቶና ስለ ስም

አልጋ ላይ ያለችበትን ፎቶ አላወጣንም፤ የልጆቿንም ስምና ምስል እንደዚሁ፤ እሷ አልፈለገችም። የሕክምና ማስረጃውን ከበሽታው ጋር የማይገናኘውን ሸፍነን አያይዘናል። ሙሉውን ማየት የሚፈልግ ከሦስታችን ወደ አንዱ ደውሎ በአካል ማየት ይችላል። የሰጪዎችን ስምና መጠን ዘርዝረን አንለጥፍም፤ መቶ ብር የሰጠ ሰው ከአሥር ሺሕ ሰጪ ሥር ተጽፎ እንዲሸማቀቅ አንፈልግም። የራሱን ማረጋገጥ የሚሻ የላከበትን ቀንና የግብይቱን ቁጥር ይላክልን፤ ከባንክ ዝርዝሩ አመሳክረን እንመልሳለን።

የገባውና የወጣው በየወሩ በ5ኛው ቀን፣ ከባንክ ዝርዝሩና ከደረሰኞቹ ምስል ጋር፣ በቴሌግራም ቻናላችን ይወጣል። የመጀመሪያው የየካቲት 5 ነው። 486,460 ብሩ የሞላ ዕለት «ሞልቷል» ብለን ጽፈን የጎፈንድሚውን ገጽ እንዘጋለን፤ ከዚያ ቀን በኋላ በስሟ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ካጋጠማችሁ ደውሉልን።

የአልማዝ ሕክምና ኮሚቴ
ታላቅ ወንድሟ፣ ምክትል ርእሰ መምህሩ፣ የዕድሩ ጸሐፊ