አንጎላችን 90 በመቶው ሥራ ፈት ነው? የታዳጊዎች ጥያቄና መልስ

እውነት ሰው የሚጠቀመው የአንጎሉን 10 በመቶ ብቻ ነው?

አይደለም። ጤነኛ ሰው የሚጠቀመው ሙሉውን ነው። ተቆልፎ የተቀመጠ፣ የሚከፍተውን ሰው የሚጠብቅ ክፍል የለም። ወሬው ግን አልሞት ብሏል። ፊልም ላይ አለ፣ ቲክቶክ ላይ አለ፣ አንዳንዴ ክፍል ውስጥም ይነገራል። ስለዚህ "ውሸት ነው" ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ እንዴት እንደታወቀ እንይ።

እሺ፣ እንዴት ታወቀ? አንጎል ውስጥ ገብቶ ያየ ሰው አለ?

አለ ማለት ይቻላል። ዊልደር ፔንፊልድ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም በካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ያክም ነበር። ቀዶ ሕክምናው ሲካሄድ ታካሚዎቹ ነቅተው ነው። የሚደነዝዘው የራስ ቅላቸው አካባቢ ብቻ ነው፤ አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም። (ይህን አንብባችሁ ፊታችሁን ብታጨማድዱ አይፈረድባችሁም።) ፔንፊልድ የአንጎሉን ገጽ በቀላል ኤሌክትሪክ እየነካካ "ምን ተሰማህ?" ብሎ ይጠይቃል። አንዱን ቦታ ሲነካ ጣት ይንቀሳቀሳል። ሌላውን ሲነካ ከንፈር ይነዝራል። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ታካሚው ድምፅ ሰማሁ ይላል።

ምንም መልስ ያልሰጡ ቦታዎችም ነበሩ። በተለይ ከግንባራችን ጀርባ ያለው ሰፊ ክፍል ሲነካ ጣትም አያንቀሳቅስም፣ ድምፅም አያሰማም። ድሮ እንዲህ ያሉትን ቦታዎች "ዝምተኛ" ይሏቸው ነበር። ለ10 በመቶው ወሬ በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱም ይህ ይመስላል። ኋላ ላይ ሲጠና ግን ይሄው ዝምተኛ የተባለው ክፍል ዕቅድ የምናወጣበት፣ ራሳችንን የምንገታበትና ውሳኔ የምናመዛዝንበት ሆኖ ተገኘ።

ኤምአርአይ ሥዕል ላይ ግን ቀይና ቢጫ የሚሆነው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። ቀሪው ተኝቶ አይደል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ አዋቂ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያ ቀለም "እዚህ ብቻ ሥራ አለ" ማለት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሰውየው ዝም ብሎ ሲተኛና አንድ ሥራ ሲሠራ፣ ለምሳሌ ቃላት ሲያነብ፣ ያለውን ሁኔታ ያነጻጽራሉ። ከዚያ ልዩነት የታየበትን ቦታ ብቻ ቀለም ይቀቡታል። ግራጫ ሆኖ የቀረው ክፍል በሁለቱም ጊዜ እየሠራ ነበር። እንዲያውም ምንም ሳንሠራ ስንቀመጥ ይበልጥ የሚነቃቁ የአንጎል ክፍሎች አሉ። ሐሳብ ይዟችሁ ሲሄድ፣ ትናንት የሆነውን ስታስታውሱ፣ ነገ የሚሆነውን ስታልሙ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።

ስንተኛስ?

ያኔም አያርፍም። ሕልም በብዛት በምናይበት የእንቅልፍ ደረጃ የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከነቃ ሰው ጋር በጣም ይቀራረባል። በከባዱ እንቅልፍ ጊዜ ሞገዱ ቀስ ይላል እንጂ አይጠፋም። መተንፈሱን የሚቆጣጠረውማ አንድ ደቂቃ ቢያርፍ ጉድ ይፈላል።

90 በመቶው ትርፍ ቢሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር?

ጥይት ወይም ስትሮክ አሥር ሰው ጋ ቢደርስ ዘጠኙ ምንም ሳይሆኑ ይነሱ ነበር። የምናየው ተቃራኒውን ነው። በጣም ትንሽ ጉዳት እንኳ ንግግርን፣ የአንድ ጎን እጅና እግርን ወይም የእይታን ግማሽ ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም "ታን" ከማለት በቀር ሌላ ቃል ማውጣት ያቃተውን አንድ ታካሚ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉን መረመረ። ጉዳቱ የተገኘው በግራ በኩል ከፊት ነበር። ሰውየው የሚነገረውን ይረዳ ነበር፤ የጠፋው መናገሩ ነው።

ሌላው ማስረጃ ምግብ ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከምናቃጥለው ኃይል ግን፣ ዝም ብለን ተቀምጠን እንኳ፣ 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ለዘጠኝ ሥራ ፈት ይህን ሁሉ የሚቀልብ ተፈጥሮ የለም።

ታዲያ 10 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? አንስታይን አይደል የተናገረው?

አንስታይን ይህን እንደተናገረ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ስሙ ግን ለማንኛውም ወሬ ማሳመሪያ ይሆናል። የታወቀው መንገድ ሌላ ነው። ዊልያም ጄምስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1907 ሰዎች ካላቸው የአእምሮና የአካል አቅም ጥቂቱን ብቻ እንደሚጠቀሙ ጻፈ። ስለ አቅም ነው ያወራው፤ መቶኛም አልጠቀሰም። እ.ኤ.አ. በ1936 በወጣ አንድ ታዋቂ የራስ ማሻሻያ መጽሐፍ መቅድም ላይ ሎውል ቶማስ የተባለ ጋዜጠኛ ሐሳቡን ሲጠቅስ "አሥር በመቶ" ብሎ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ "አቅም" የሚለው ቀስ ብሎ "አንጎል" ሆነ።

የነርቭ ሴሎች ከአንጎል ሴሎች 10 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባልም ሰምቻለሁ።

ያም ያረጀ ግምት ነው። ሲቆጠር የተገኘው 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴልና ወደዚያ የሚጠጋ ቁጥር ያላቸው ግሊያ የሚባሉ ሴሎች ናቸው። ግሊያዎቹም ቢሆኑ ነርቮችን ይመግባሉ፣ ይሸፍናሉ፣ ቆሻሻ ያጸዳሉ።

100 በመቶውን ባንዴ ብናሠራውስ? እንደ ፊልሙ ዕቃ በሐሳብ እናንቀሳቅሳለን?

ወለል ላይ ትወድቃላችሁ። እጅግ ብዙ ነርቮች ባንዴ አብረው ሲተኩሱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት ሲልኩ፣ የሚመጣው የሚጥል በሽታ መንቀጥቀጥ ነው። ስልክ ላይ መልእክት ስትጽፉ ፊደሎቹን ሁሉ ባንዴ አትጫኑም፤ ብትጫኑ ቃል አይወጣም። ያልተጫናችሁት ፊደል ግን ትርፍ አይደለም። አንጎልም በየቅጽበቱ የተወሰኑ ነርቮችን ብቻ ነው የሚያተኩሰው፤ ቀኑን ሙሉ ሲታይ ግን ሥራ ያልደረሰው ክፍል የለም። ወሬው የሚያምታታው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው፦ "ባንዴ ሁሉም አይተኩስም" እና "አይሠራም"።

ግማሽ አንጎላቸው ወጥቶ በደህና የሚኖሩ ልጆች አሉ ይባላል። ይሄስ?

አሉ። በመድኃኒት አልቆም ባለ ከባድ የሚጥል በሽታ ምክንያት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። የልጅ አንጎል ራሱን መልሶ የማደራጀት ችሎታው ስለሚያስደንቅ፣ የቀረው ግማሽ ብዙ ሥራ ይረከባል። በነጻ ግን አይደለም። በተቃራኒው ጎን ያለው እጅ ይደክማል፣ የእይታቸው ግማሽም ይጠፋል። የወጣው ክፍል ሥራ ፈት ቢሆን ይህ ባልሆነ።

"90 በመቶውን እንከፍትልሃለን" የሚል ኪኒንና ኮርስ አይቻለሁ። ልሞክር?

ገንዘብህን ያዝ። የሚከፈት ነገር ስለሌለ ሊከፍቱልህ አይችሉም። ኪኒኑ ውስጥ ምን እንዳለ አለማወቅህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ጎበዝ መሆን አይቻልም ማለት ነው?

ይቻላል እንጂ! መማር ማለት የተኛ ክፍል መቀስቀስ ሳይሆን በነርቮች መካከል ያሉ ግንኙነቶችን መለወጥ ነው። እናንተ ደግሞ ያላችሁት አንጎል ራሱን በሚያስተካክልበት ዕድሜ ላይ ነው። ብዙም የማይሠራባቸውን ግንኙነቶች ይቀንሳል፣ የሚሠራባቸውን ያጠነክራል። ይህ ሥራ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ የሚበስለውም ያ ዝምተኛ የተባለው የግንባር ክፍል ነው። ለፈተና ደብተር አሥር ጊዜ ከማንበብ፣ ደብተሩን ዘግቶ ራስን መጠየቅ ይሻላል። ደግሞም በአንድ ሌሊት ከመጨናነቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጥናት፣ በቂ እንቅልፍም መተኛት።