የአባባና የእማዬ የጎጃም ጉዞ፦ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ

ወንድምዬ፣ መርሐ ግብሩ ይኸው። አንድ ኮፒ አትመህ መኪናው ውስጥ አስቀምጥ፣ ሌላውን ለሾፌሩ ስጠው። የሚታየው ጥቂት ነው ብለህ እንዳትከፋ። በቀን አንድ ነገር ብቻ፣ እሱም ከቁርስ በኋላና ከምሳ በፊት። አባባ ከአንድ መቶ ሜትር በላይ ሳያርፉ አይሄዱም፤ የእማዬ ጉልበት ደግሞ ቁልቁለት ሲሆን ይብስባታል። ደክመው አሥር ቦታ ከሚያዩ፣ ቁጭ ብለው አንዱን ቢጠግቡት እመርጣለሁ።

የየቀኑ ሰዓት

አባባ ኢንሱሊናቸውን ጠዋት 1፡00 እና ማታ 12፡30 ይወጋሉ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይበላሉ። ምግቡ መዘጋጀቱን በዓይንህ ሳታይ መርፌውን አታውጣ። ሆቴል "አሁን ይደርሳል" ካለህ መርፌውም ይቆይ። መጠኑ በካርዳቸው ላይ ተጽፏል። 4፡00 ላይ መክሰስ፣ 6፡30 ምሳ፣ ከዚያ እስከ 9፡00 እረፍት። ይህ እረፍት ለማንም አይሰረዝም፣ ለዘመድም ቢሆን።

እማዬ የደም ግፊት ኪኒኗን ጠዋት ትወስዳለች። ሽንት የሚያመጣው ግን በመኪና ቀን ጠዋት አይሰጥ፤ ያረፋችሁበት ስትደርሱ ትውሰደው፣ ሐኪሟ ፈቅዶልናል። ጉልበቷን ሲያማት ፓራሲታሞል ብቻ ስጣት። ፋርማሲ ገብተህ ዲክሎፈናክ እንዳትገዛላት፣ ግፊቷን ከፍ ያደርገዋል።

አባባን ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠህ አጠጣቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለካ። ካልተሻላቸው ድገምና ወደ ሐኪም ቤት። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አትስጥ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሂድ። ስኳሩ በኪስህ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም።

ቅዳሜ፦ አዲስ አበባ – ባሕር ዳር

በአውሮፕላን ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ዊልቸር ትኬቱ ሲቆረጥ አስመዝግቤያለሁ፤ አባባ "እኔ ሽባ ነኝ?" ማለታቸው አይቀርም፣ ወረፋ ላለመቆም ነው በላቸው። ኢንሱሊኑ በእጅ ቦርሳ ይግባ እንጂ ወደ ጭነት አይሂድ፤ ከቀዘቀዘ በረዶ ሆኖ ይበላሻል። የሐኪሙ ደብዳቤ አብሮ አለ። ክፍሎቹ ምድር ላይ ናቸው፣ ቁጭ የሚባልበት ሽንት ቤት መኖሩን ደውዬ አረጋግጫለሁ። ዛሬ የሚታይ ነገር የለም። ማታ ጣና ዳር ቡና ይጠጡ።

እሑድ፦ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ

ቁርስ 1፡30። ከዚያ በመኪና እስከ ቅጽሩ በር። ስለበሉ ቤተ መቅደስ አይገቡም፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ቅዳሴውን ይስሙ። ታጣፊ ወንበሮቹን አትርሳ፤ መቋሚያ ቢኖርም መቆም አይችሉም። አባባ ጫማ ሲያወልቁ ወፍራም ካልሲ ይልበሱ። እግራቸው ስለደነዘዘ ድንጋይ ቢወጋቸው አይሰማቸውም። ማታ ማታ እግራቸውን አጥበህ እይ፣ የጣቶቹን መሐል ሁሉ።

ሰኞ፦ ጣና

የጉዞው ልብ ይህ ነው፣ ለእማዬ በተለይ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ትቼዋለሁ። ሥዕሎቹን እንድታይ በጣም እፈልግ ነበር፤ ግን ከጀልባ ወርዶ በቡናው መሐል ድንጋያማውን ዳገት መውጣት አለ። ክብራን ገብርኤልም ሴት አያስገባም፣ እማዬን ጀልባ ላይ ትታችሁ መሄድ አይሆንም። ስለዚህ ደብረ ማርያም። ቅርብ ነው፣ አባይ ከጣና የሚወጣበትም እዚያው አጠገብ ነው። አባባ የአባይን መውጫ ከወንበራቸው ሳይነሱ ያዩታል፤ ጉማሬም ሊያጋጥማቸው ይችላል፣ ጀልባ ነጂው ራቅ ይበል።

ጀልባው ጣሪያ ያለው፣ የሕይወት ጃኬት ያለው ይሁን። 2፡30 ተነሱ፣ ከ5፡30 በፊት ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። መሳፈሪያው ላይ አንተ ከፊት፣ ሾፌሩ ከኋላ ያዟቸው። ጢስ አባይንም የተውኩት በመንገዱ ነው፤ ድንጋዩ ያዳልጣል።

ማክሰኞ፦ ባሕር ዳር – እንጅባራ

120 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ለአጎታችንና ለሾፌሩ ጓደኞች ደውለህ ጠይቅ። ጥርጣሬ ካለ ባሕር ዳር እደሩ፣ ሆቴሉ ተነጋግሮልናል፤ የመድኃኒቱም ትርፍ የሁለት ሳምንት ነው። ዳንግላ ላይ ቡናና ሽንት ቤት። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ዘንገና ሐይቅ አለ፣ ክብ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። መኪናው የሚደርስበት ድረስ ተጠግታችሁ ከላይ እዩት፣ ወደ ታች አትውረዱ። እንጅባራ ብርድ ነው፤ ጋቢና የሱፍ ካልሲ ከላይ አድርገህ አስቀምጥ።

ረቡዕ፦ እንጅባራ – ደብረ ማርቆስ

ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ማርቆስ። ጾም ነው፣ በዚያ ላይ እማዬ ጽጌን ትጾማለች። እሷ ትቆይ፣ ሽሮዋን በሰዓቷ ትብላ። አባባ ግን ጠዋት መብላት አለባቸው። የንስሐ አባታቸውን ቀድሜ አነጋግሬያለሁ፣ ስለ መድኃኒቱ ብለው ሰዓቱን ፈቅደዋል። ይህን አንተ አትንገራቸው፣ ቄሱ ራሳቸው ይደውሉላቸዋል። ከአንተ ሲሰሙ አይቀበሉም፣ ከቄሱ ሲሰሙ ግን ይረጋጋሉ። ፍኖተ ሰላም ላይ ምሳ፣ ከዚያ ሙሉ ሰዓት ጋደም ይበሉ።

ሐሙስና ዓርብ፦ ደብረ ማርቆስ

ሐሙስ ጠዋት ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት እረፍት። መንቆረር ይባል የነበረው ከተማ ስሙን ያገኘው ከዚህ ደብር ነው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ነግሠው ጎጃምን የገዙትም ከዚህ ነው። ታሪኩን አባባ ይንገሩህ። አታርማቸው፣ ጠይቃቸው። ስልክህን አውጥተህ ቅዳ፣ ልጆቻችን ይሰሙታል።

ዓርብ ጠዋት የተማሩበት ትምህርት ቤት በር ላይ መኪናውን አቁም። ለመውረድ ከጠየቁ ይውረዱ፣ ካልጠየቁ ዝም በል።

ዓርብ ከ9፡00 በኋላ የአክስታችን ቤት። እዚህ ጋ ጠንከር በል። ጎጃም ነው፣ "በሞቴ" ይመጣል። ማር ይቀርባል፣ ጠላ ይቀርባል፣ አረቄም አይጠፋም። አባባ እምቢ ማለት ያፍራሉ፤ "ሐኪሙ ከልክሏል" የምትለው አንተ ነህ፣ እሳቸውን አታስቸግር። ለአክስቴ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፦ ያለ ስኳር ሻይ፣ ቆሎና ትንሽ በሶ። የሚመጡት ዘመዶች ተራ በተራ ይግቡ። እማዬ ከሰው ጋር ስትሆን ድካሟን ትደብቃለች፤ ጉልበቷን ማሸት ስትጀምር ተነሱ። ማታ 12፡00 ሆቴል መግባት አለባችሁ።

ቅዳሜ፦ መመለሻ

300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አትቸኩሉ። ደጀን ላይ አንድ ሰዓት ቁሙ፣ ከዚያ የአባይ በረሃ። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጠመዝማዛው ያጥወለውላል። አባባ ከፊት ይቀመጡ፣ እማዬ ሎሚ ትያዝ። ቆላው ሞቃት ነው፤ ኢንሱሊኑ በቀዝቃዛ ሣጥኑ ይሁን፣ በረዶው ግን አይንካው፣ በጨርቅ ለየው። ድልድዩን ሲያልፉ ሾፌሩ ቀስ ይበል፣ አባባ ያዩታል። ውኃ አጠጣቸው፣ ውኃ በየጥቂቱ።

ጎሃ ጽዮን ስትወጡ ደውልልኝ። ፍቼ ምሳ ብሉ፣ ሳይመሽ አዲስ አበባ የማትገቡ ከሆነም እዚያው እደሩ። የሁለቱንም የክትትል ቀጠሮ ለረቡዕ አስይዣለሁ።