የእርሻ መሬት ኪራይ ውል ሐሳብ

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰሜን ሜጫ ወረዳ፣ መራዊ

ለወይዘሮ የሺወርቅ አበጀ፣ የመሬቱ ባለይዞታ
ከላቀው ታረቀኝ፣ አርሶ አደር

እማማ የሺወርቅ፣ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የጀመርነውን ወሬ በወረቀት አስፍሬ እንዳመጣልዎ ባዘዙኝ መሠረት ይኸው ጽፌዋለሁ። አማችዎ ቀስ ብለው ያንብቡልዎ። የማይጥምዎትን በእርሳስ ያስምሩበት፣ ተቀምጠን እናስተካክለዋለን። ይህ ገና ሐሳብ ነው። ውል የሚሆነው ሁለታችን ተስማምተን፣ ምስክር ባለበት ፈርመን፣ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ ብቻ ነው። ምዝገባውን የምፈልገው ለእኔ ብቻ ብዬ አይደለም። ያለፈው ተከራይ በቃል ተስማምቶ ገብቶ፣ ጊዜው ሲያልቅ አልወጣም ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ እንዳመላለሰዎት አውቃለሁ።

መሬቱ

የምንነጋገረው ከቆጋ መስኖ ቦይ በታች ስላለው ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር መሬት ነው። በላይ በኩል ቦዩ፣ በታች የከብት መሄጃው፣ በግራ የወንድምዎ ልጅ ማሳ፣ በቀኝ የአቶ ምናለ ማሳ ያዋስኑታል። ልኬቱ በአረንጓዴው የይዞታ ደብተር ላይ ከሰፈረው ጋር መመሳከር አለበት። ደብተሩ ላይ የእርስዎና የሟቹ ባለቤትዎ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ስላለ፣ የውርሱ ጉዳይ በጽሕፈት ቤቱ አልቆ ከሆነ ማስረጃውንም አብረው ይዘው እንዲመጡ እለምናለሁ። አልቆ ካልሆነ ከልጆችዎ ሁለቱ በውሉ ላይ ይፈርሙ። ነገ አንዱ ልጅ ተነሥቶ «እኔ አልሰማሁም» እንዲል አልፈልግም።

የምከራየው ማረሱንና ማምረቱን ነው። ይዞታው የእርስዎ እንደሆነ ይቆያል። አላስይዘውም፣ ለሌላ ሰው መልሼ አላከራየውም፣ በስሜ ምንም ወረቀት አላስወጣበትም።

ጊዜው

ከሚያዝያ 1 ቀን 2017 እስከ መጋቢት 30 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ አራት ክረምትና አራት በጋ። እርስዎ በሁለት ዓመት እንዲሆን ነበር የፈለጉት። ለምን አራት እንዳልኩ ልንገርዎ። መሬቱ ታክቷል። ለዓመታት በቆሎ በበቆሎ ላይ ተዘርቶበታል፣ የልማት ሠራተኛውም አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ይፈልጋል ብሏል። አሥራ ሁለት ኩንታል ኖራ ገዝቼ፣ በአህያ አጓጉዤ፣ በትኜ ላርሰው አስቤያለሁ። ኖራ ደግሞ ሙሉ ጥቅሙን በአንድ ክረምት አይሰጥም። ለሁለት ዓመት የሚገባ ተከራይ ኖራ አይገዛም፣ ያለውን ጠጥቶ ይሄዳል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ በእርስዎ በኩል ውሉ ቢፈርስ የኖራውን ወጪ ግማሽ ይመልሱልኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሆነ ምንም አልጠይቅም። እኔ ትቼ ብወጣም ምንም አልጠይቅም።

ክፍያው

በእኩል ይሁን ያሉኝን ደጋግሜ አሰብኩበት። በእኩል ከሆነ ማዳበሪያውንና ዘሩን ለሁለት መክፈል ሊኖርብን ነው፣ እርስዎም በመኸር ጊዜ አውድማ ላይ ቆመው ቁና መቁጠር ሊኖርብዎ ነው። በዚህ ዕድሜዎ፣ በዚያ ፀሐይ! ደግሞም ቆጥረውም ቢሆን ልብዎ ላያርፍ ይችላል። ስለዚህ በብር እንዲሆን እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኪራዩ በዓመት 28,000 (ሃያ ስምንት ሺህ) ብር ነው። 16,000 ብሩን የዘንድሮውን በፊርማው ዕለት፣ የሚቀጥለውን ሚያዝያ 1 ቀን እከፍላለሁ። ቀሪውን 12,000 ብር በቆሎው ከተሸጠ በኋላ በየዓመቱ እስከ ጥር 15 ቀን እከፍላለሁ።

ይህ ገንዘብ በዛሬው ዋጋ ሰባት ኩንታል ነጭ በቆሎ ይገዛል፣ ባለፈው ገበያ ኩንታሉ 4,000 ብር ነበርና። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ግን የዛሬው 28,000 ምን እንደሚገዛ እኔም እርስዎም አናውቅም። ስለዚህ የሦስተኛውና የአራተኛው ዓመት ኪራይ የሰባት ኩንታል በቆሎ ዋጋ ይሁን። ዋጋው ከሚያዝያው ክፍያ በፊት በነበረው ጥር በመራዊ ገበያ በሦስት ተከታታይ የገበያ ቀናት የተሸጠበት አማካይ ይሆናል፣ የሁለቱ ክፍያዎች ድርሻም እንደበፊቱ ይቀጥላል። ዋጋው ቢወርድም ከ28,000 ብር አያንስም። ይህ ለእኔ ይከብደኛል፣ ግን ተገቢ ነው።

ገንዘቡ በባንክ ደብተርዎ ይገባል፣ ደረሰኙንም አመጣልዎታለሁ። በእጅ ከሰጠሁ ሁለት ምስክር ባለበት ነው፣ ወረቀትም እንጽፋለን። ከቀኑ አንድ ወር ካለፈ መሬቱን መልሰው የመውሰድ መብት አለዎት፣ የቆመ ሰብል ካለ ግን አንሥቼው እወጣለሁ።

ከብሩ ሌላ በየዓመቱ የሁለት አህያ ጭነት የበቆሎ አገዳ ደጅዎ አደርሳለሁ። የጓሮዎን ጎመንና ድንች ቦታም በግንቦት አንድ ቀን በበሬዎቼ አርሳለሁ። ይህን እንደ ኪራይ አይቁጠሩት።

አጠቃቀሙ

በክረምት አንድ ዓመት በቆሎ፣ በሚቀጥለው ዳጉሳ ወይም ጤፍ እያፈራረቅሁ እዘራለሁ። በአራቱ ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ባቄላ ወይም ጊብጦ ይገባበታል፣ አፈሩ እንዲያርፍ። በበጋ በመስኖ ድንች፣ ሽንኩርት ወይም ስንዴ። የውሃ ተራውን እኔ እጠብቃለሁ፣ የቦይ ጠረጋውንና የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር መዋጮውንም እኔ እሸፍናለሁ። የመሬት ግብሩ እንደወትሮው በእርስዎ ስም ይከፈላል።

ባሕር ዛፍ አልተክልም፣ በድንበሩም ቢሆን። ይህን ራሴ የጻፍኩት አጥብቀው ስላሉ ብቻ አይደለም። በታች ጥግ ላይ ያለፈው ሰው ተክሎት የቆረጣቸው ጉቶዎች ዛሬም ያቆጠቁጣሉ። በዚያ በኩል ያለው በቆሎ ከጉልበት እንደማያልፍ ባለፈው ክረምት አይተናል። እነዚያን ጉቶዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ነቅዬ እጨርሳለሁ፣ እንጨቱ የእርስዎ ነው። ጫትም አይተከልም። አፈር ለጭቃ ወይም ለግንብ አይቆፈርም፣ ጎጆም አይቀለስበትም። እርከኑን በየዓመቱ ከዝናብ በፊት እጠግናለሁ፣ የጎርፍ መውረጃውንም ወደ አቶ ምናለ ማሳ አልገፋውም። ሰብል ከተነሣ በኋላ ላምዎና ጥጃዋ ይግጡበት፣ የመስኖው ዘር እስኪገባ ድረስ።

ነገር ቢበላሽ

በረዶ ወይም ተምች ከክረምቱ ሰብል ከግማሽ በላይ ቢያጠፋ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ ማዳበሪያ ሳይገባ ቢቀር፣ የጥር ወሩ ክፍያ ለዚያ ዓመት በግማሽ ይቀነስልኝ። ጉዳቱን የልማት ሠራተኛውና አንድ ሽማግሌ አይተው ይመስክሩ። የሚያዝያው ክፍያ ግን ምንም ቢሆን አይቀነስም።

ማናችንም ውሉን ማቋረጥ ብንፈልግ ከጥር ወር በፊት ለሌላው እንነግራለን። እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ እንጂ፣ ከመካከላችን አንዱ ቢያልፍ ወራሾቹ ውሉን እስከ ቀኑ ያከብራሉ። ብንጣላ መጀመሪያ እርስዎ አንድ፣ እኔ አንድ፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ የሚመርጡት ሦስት ሽማግሌ ያየናል። ካልሆነ ወደ ቀበሌው የመሬት ኮሚቴ፣ ከዚያም ወደሚመለከተው አካል እንሄዳለን።

ውሉ በአራት ቅጂ ይጻፍ፣ አንድ ለእርስዎ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለቀበሌው፣ አንድ ለወረዳው። የሚጠየቅ የጽሕፈት ወጪ ካለ እኔ እከፍላለሁ።

መልስዎን እስከ መጋቢት 22 ቢልኩልኝ ለእርሻው ጊዜ እደርሳለሁ። እሺ ካሉ በ25ኛው ቀን በገበያ ወደ መራዊ አብረን እንወርዳለን፣ አማችዎ በቅሎዋን ያዘጋጁልዎት።

አክባሪዎ ልጅዎ
ላቀው ታረቀኝ (ፊርማ)