የሌቭሊንግ ግሩፕ ፕሮጀክት ሪፍሌክሽን

ሪፍሌክሽኑ ላይ ሰው አትክሰሱ ስለተባልን የማንንም ስም አልጽፍም፣ ግሩፑ ውስጥ ያለን ግን ማን ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ስራው፣ የቦታዎችን ከፍታ መለካት፣ ራሱ ከባድ አልነበረም። ከፍታው ከሚታወቀው ቤንችማርክ ተነስተን ላይብረሪውን ዞረን ተመልሰን እዛው ቤንችማርክ ላይ መዝጋት ነው፣ 800 ሜትር ገደማ ሉፕ። ስራ ስንከፋፈል ማንም ቁጭ ብሎ አልተነጋገረም፣ ክረምት ሳይት ላይ ሰርቶ የመጣው ልጅ የሚነበብበትን መሳሪያ፣ ሌቭሉን፣ ትራይፖዱ ላይ ሰቀለውና በቃ የሱ ሆነ፣ እኔ "አንቺ ጻፊ፣ ጽሁፍሽ ያምራል" ተብዬ ፊልድ ቡክ ተሰጠኝ፣ ሌላኛዋ ሴት በሌቭሉ የሚነበበውን ባለ ቁጥር ዘንግ፣ ስታፉን፣ ያዘች፣ የቀሩት ወንዶች ደግሞ ርቀት ለካን ብለው ዛፍ ስር ነበሩ። (የሴት ጽሁፍ ለምን ሁሌ እንደሚያምር አንድ ቀን ሰው ያስረዳኝ።)

ስንዘጋ ግን የተነሳንበት ከፍታ ላይ መመለስ ሲገባን 46 ሚሊሜትር ስህተት መጣ። የሚፈቀደው በ 12√K ነው፣ K የሉፑ ርዝመት በኪሎሜትር ስለሆነ ለኛ ሉፕ 11 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ጸቡ እዚህ ጋ ጀመረ። ሌቭል ላይ የነበረው ልጅ ካልኩሌተሩን አውጥቶ ΣBS − ΣFS፣ ማለትም የባክ ሳይት (የኋላ ሪዲንግ) ድምር ሲቀነስ የፎር ሳይት (የፊት ሪዲንግ) ድምር፣ ከመጨረሻው አርኤል ማለትም ከፍታ ላይ የመጀመሪያው አርኤል ሲቀነስ ከሚመጣው ጋር እኩል መሆኑን አሳየንና "ይኸው ቼኩ ልክ ነው፣ እኔ ጋ ችግር የለም፣ ስታፉ ዘሞ ነው" አለ፣ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ልጅቷ አዞርን። ያ ቼክ እኮ የሚያረጋግጠው መደመርና መቀነሳችንን ብቻ ነው፣ 1.345ን 1.395 ብሎ ላነበበ ሰውም ቁጥሩ እኩል ይመጣለታል። ስታፍ ከዘመመ ሪዲንጉ ከልኩ በላይ እንደሚሆን እውነት ነው፣ ግን አሳስቶ ማንበብም፣ በብል ሳይስተካከል ማንበብም፣ ሌቭሉ ሲዛወር ስታፉ የሚቆይበት ተርኒንግ ፖይንት ለስላሳ አፈር ላይ ሆኖ ስታፉ መስመጡም ይቻላል። ከነዚህ ውስጥ የቱ እንደሆነ የሚያሳይ ምንም ማስረጃ በእጃችን አልነበረም፣ ተርኒንግ ፖይንቶቹን ምልክት ስላላደረግንባቸው ሉፑን ከፋፍሎ መፈተሽ አልተቻለም። ማስረጃ ሲጠፋ ጥፋቱ ዝም ብሎ ድምጹ ትንሽ የሆነው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

ማታ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ባሰ። አንዱ "አንዷን ፎር ሳይት ትንሽ ገፋ እናርጋትና ይዘጋል፣ ማን ያያል" አለ፣ ሊደራችን ኩክ የተደረገ ዳታ ላይ ስሜን አልጽፍም አለች፣ ከዛ ክርክሩ ስለ ዳታ መሆኑ ቀርቶ ማን ሰነፍ ነው ማን ጉረኛ ነው ሆነ፣ "ስታፍ መያዝ ያልቻለች ምን ልትይዝ ነው" የሚል ሜሴጅ ከመጣ በኋላ ልጅቷ ከግሩፑ ወጣች። ሜሴጁን የጻፈው ልጅ ሲነጋ ዲሊት አደረገው፣ ግን ሁሉም አንብቦታል።

ሊደሯ ያደረገችው ነገር ገርሞኛል። አስታርቃለሁ ብላ አልሰበሰበችንም፣ ሌቭሉን ከላብ እንደገና አስፈቅዳ "ድጋሚ እንወጣለን፣ ሌቭሉ በተተከለ ቁጥር ቦታ እንቀያየራለን" ብቻ አለችን። ሪማርክ ኮለሙ ላይ ማን እንዳነበበና ማን ስታፍ እንደያዘ ይጻፋል፣ ተርኒንግ ፖይንቱ አስፋልት ወይ ድንጋይ ላይ ሆኖ በጠመኔ ይሰመርበታል፣ እያንዳንዱን ሪዲንግ ሁለት ሰው ያያል። ልጅቷን ራሷ ሄዳ ለምና አመጣቻት። ያ ሳይት የሰራው ልጅ ስታፍ ሲይዝ ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ንፋስ ነበረ፣ ማንም አልሳቀበትም (እኔ ትንሽ)። በ6 ሚሊሜትር ዘጋን። የመጀመሪያው 46 የማን እንደነበር ግን እስከዛሬ አይታወቅም።

ቴዎሪ አገናኙ ስለተባልን፣ የሳይኮሎጂ ምሁሩ ተክማን በፈረንጆቹ 1965 ግሩፕ ፎርሚንግ፣ ስቶርሚንግ፣ ኖርሚንግ፣ ፐርፎርሚንግ እያለ ያልፋል ብሏል፣ መሰባሰብ፣ መጋጨት፣ ደንብ ማበጀት፣ መስራት እንደማለት። እኛ ጋ በዚህ ቅደም ተከተል አልሄደም። መጀመሪያ ላይ ያልተጋጨነው ተስማምተን ሳይሆን ስለ ምንም ነገር ስላላወራን ነው፣ ማዕበሉ የመጣው ስራው አለቀ ባልንበትና ግሬድ ሊነካ በሆነበት ሰዓት ነው። ኖርሙም ከፍቅር አልመጣም፣ ከሪማርክ ኮለሙ ነው የመጣው። ስምህ ከሪዲንግህ ጎን ሲጻፍ በሌላ ሰው ማሳበብ ይከብዳል፣ ሌላው ደግሞ ያለማስረጃ ሊያሳብብብህ አይችልም።

ዳታው ዘጋ እንጂ ሰዎቹ አልተዘጉም። ሪፖርቱ ላይ ስድስታችንም ስም አለ፣ ሁለቱ ግን ላውንጅ ውስጥ ሲገናኙ ሰላም አይባባሉም፣ ልጅቷም ለሚቀጥለው ስራ፣ ለትራቨርሱ፣ ግሩፕ ቀይሩኝ ብላለች። ልክ ናት ብዬ ነው የማስበው፣ ይቅርታ እንኳ ያልጠየቃት ሰው አለ። እኔ ልቆይ ነው፣ ግን ለሊደሯ ከአሁኑ ነግሬያታለሁ፣ የመጀመሪያው ስቴሽን ላይ ቶታል ስቴሽኑን የማቆመው እኔ ነኝ፣ ፊልድ ቡኩን ጽሁፉ የማያምር ሰው ይያዘው።